የሒሳብ ትርፍንና ግብር የሚከፈልበትን ትርፍ ስለ ማስታረቅ፤ ከሽሮ ሜዳ የልብስ ሥራ በተወሰደ ምሳሌ



የሒሳብ ሹሙ የ2016 በጀት ዓመት ሒሳብ ዘግተው የግብር ማስታወቂያውን ለፊርማ ባቀረቡ ጊዜ ሥራ አስኪያጇ ብዕሩን አነሡና መልሰው አስቀመጡት። “የዓመቱ ትርፍ 2,400,000 ብር ነው ብለውኛል። የግብሩ ልክ 30 ከመቶ ነው። እንደዚያ ከሆነ ግብሩ 720,000 ብር ነው። እርስዎ ያቀረቡልኝ ግን 747,900 ብር ይላል። ይህ 27,900 ብር ከየት መጣ?” ብለው ጠየቁ።

ድርጅቱም ቁጥሮቹም ለዚህ ንግግር ሲባል በአብነት የተዘጋጁ ናቸው። ድርጅቱ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ በሽሮ ሜዳ የሚሠራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው እንበል። ከሰፈሩ ሸማኔዎች ጥለት ያለውንና የሌለውን ሸማ ይገዛል፤ በራሱ የስፌትና የጥልፍ መኪናዎች የሐበሻ ቀሚስና ሌላ ልብስ አዘጋጅቶ ለባለሱቆች በዱቤም በእጅ በእጅም ይሸጣል። ጥያቄው ግን በአብነት የተፈጠረ አይደለም። በየዓመቱ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወሮች በብዙ ቢሮዎች ይነሣል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጠው መልስ “ገቢዎች የማይቀበላቸው ወጪዎች ስላሉ ነው” የሚል ነው። ይህ መልስ ከፊሉ ብቻ እውነት ነው። ከ27,900 ብሩ ውስጥ አንዱ ክፍል ለዘለዓለም የሄደ ገንዘብ ሲሆን ሌላው ክፍል ግን ለጊዜው የተከፈለና ወደፊት ተመልሶ የሚታሰብ ነው። ሁለቱን ያልለየ ሒሳብ ሠራተኛ በዚህ ዓመት አይሳሳት ይሆናል፤ በሚመጡት ዓመታት ግን ድርጅቱን በአንድ ገቢ ላይ ሁለት ጊዜ ግብር ያስከፍለዋል።

የማስታረቁ ሥራ መነሻ በራሱ በሕጉ ውስጥ ይገኛል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለንግድ ሥራ ገቢ ግብር የሚከፈልበት ገቢ የሚወሰነው በሒሳብ አያያዝ ደረጃዎች መሠረት ከተዘጋጀው የትርፍና ኪሣራ መግለጫ ተነሥቶ ነው ይላል። ነገር ግን በዚያ አያበቃም፤ መግለጫው በአዋጁ፣ በደንቡና በመመሪያዎቹ በተደነገገው መሠረት እንዲስተካከል ያዛል። ስለዚህ ሁለት የሒሳብ መዝገብ አይያዝም። መዝገቡ አንድ ነው፤ ከመዝገቡ ትርፍ ወደ ግብሩ ትርፍ የሚያሻግር አንድ የማስታረቂያ ወረቀት ግን ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከባንክ ሒሳብ ማስታረቂያ ጋር ይመሳሰላል። ከባንክ መግለጫው ጋር ያልተገጣጠመ ቼክ ሁሉ ስሕተት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እዚህም ልዩነቱ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ልዩነቱን ሳያስረዱ መተው ነው።

የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ከግብር በፊት ያለው ትርፍ መሆን አለበት። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የተጣራውን ትርፍ ይዘው የሚነሡ አልጠፉም። የገቢ ግብር ራሱ ተቀናሽ የማይደረግ ወጪ ስለሆነ ከተጣራው ትርፍ የተነሣ ሰው ግብሩን መልሶ መደመር ይኖርበታል፤ ይህን ከረሳ ደግሞ ማስታወቂያው ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። በሽሮ ሜዳው ድርጅት መነሻው 2,400,000 ብር ነው።

ከዚህ በኋላ የወጪና የገቢ ሒሳቦች አንድ ባንድ ይታያሉ። በእያንዳንዱ ላይ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ልዩነት ወደፊት በሌላ ዓመት በተቃራኒው ተመልሶ ይመጣል ወይስ አይመጣም? የማይመለሰው ቋሚ ልዩነት ነው፤ የሚመለሰው የጊዜ ልዩነት ነው።

ቋሚዎቹ ቀላል ስለሆኑ በአጭሩ ይታለፋሉ። ድርጅቱ የግብር ማስታወቂያ አዘግይቶ በማቅረቡ የከፈለው 48,000 ብር መቀጫ በልዩ ልዩ ወጪ ውስጥ ተመዝግቧል። ሕግ በመጣስ የሚከፈል መቀጫ ተቀናሽ አይሆንም፤ አለዚያ መንግሥት ከመቀጫው 30 ከመቶውን ራሱ እንደ ከፈለ ይቈጠር ነበር። ለእንግዶችና ለደንበኞች ግብዣ የወጣው 62,000 ብርም አይፈቀድም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያሻል። የድርጅቱ ሠራተኞች በነጻ የሚበሉት ምሳ በዚያው “መስተንግዶ” በሚባል ሒሳብ ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። አዋጁ ማዕድን፣ ማምረቻና ግብርና ሥራ ላይ የተሠማሩ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በነጻ የሚያቀርቡትን ምግብ ከክልከላው ለይቶ ያወጣዋል። ልብስ መስፋት የማምረት ሥራ ነውና የሒሳብ ሹሙ ሒሳቡን ደረሰኝ በደረሰኝ ከፋፍለው የምሳውን ትተው የግብዣውን ብቻ ደምረዋል። ሒሳቡን በጅምላ ቢደምሩት ኖሮ ድርጅቱ ሊከፍል የማይገባውን ግብር በከፈለ ነበር፤ የግብር መርማሪም ይህን እንዲመልሱ አያስታውሳቸውም። ለአንድ የሰፈር ቡድን የተሰጠው 25,000 ብር ስጦታ ደግሞ ለበጎ አድራጎት ድርጅት ያልተሰጠ፣ መንግሥት ለልማት ወይም ለአደጋ ባደረገው ጥሪ ምክንያትም ያልተደረገ ስለሆነ፣ መልካም ሥራ ቢሆንም ተቀናሽ አይሆንም።

በቋሚዎቹ መካከል አንድ የሚቀነስም አለ። ድርጅቱ በባንክ ካለው የቁጠባ ሒሳብ በዓመቱ 60,000 ብር ወለድ አግኝቷል። ባንኩ 5 ከመቶውን ማለትም 3,000 ብር ግብር ቀንሶ 57,000 ብሩን ገቢ አድርጎለታል፤ ድርጅቱም 57,000 ብሩን ብቻ በገቢነት መዝግቧል። በዚህ ወለድ ላይ የተቀነሰው ግብር የመጨረሻ ስለሆነ ገቢው እንደገና በ30 ከመቶ አይታሰብም፤ ስለዚህ ከትርፉ ይወጣል። የሚወጣው መጠን ግን በመዝገቡ ላይ ገቢ ተደርጎ የተጻፈው ነው። ሒሳብ ያዡ 60,000 ብሩን በገቢ፣ 3,000 ብሩን በባንክ ወጪ ጽፎ ቢሆን ኖሮ 60,000 ይቀነስና 3,000 ይደመር ነበር፤ ውጤቱ ያው 57,000 ነው። ስሕተት የሚሆነው 57,000 ተመዝግቦ ሳለ 60,000 የተቀነሰ እንደ ሆነ ነው።

የቋሚዎቹ ድምር እንግዲህ 48,000፣ 62,000 እና 25,000 ተደምሮ 57,000 ሲቀነስበት 78,000 ብር ይሆናል።

ወደ ጊዜ ልዩነቶች ሲገባ ፊት የሚገኘው የእርጅና ቅናሽ ነው። ድርጅቱ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በ4,000,000 ብር የስፌትና የጥልፍ መኪናዎች ገዝቷል። የድርጅቱ ባለሙያዎች መኪናዎቹ 10 ዓመት ያገለግላሉ ብለው ስለ ገመቱ በመዝገቡ በየዓመቱ 400,000 ብር ይቀነሳል። የገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 ግን በግምት አይሠራም፤ ራሱ ልክ ያወጣል። በየዓመቱ ከመነሻው ዋጋ እኩል በሚቀነስበት ዘዴ ለኮምፒዩተር 20 ከመቶ፣ በስም ተለይቶ ላልተጠቀሰ ሌላ ዕቃ 15 ከመቶ ይፈቅዳል። ለስፌት መኪናዎቹ እንግዲህ 600,000 ብር ይደርሳል። ግብሩ ከመዝገቡ 200,000 ብር አብልጦ ስለ ፈቀደ ይህ ከትርፉ ይቀነሳል።

ይህ 200,000 ብር ስጦታ እንዳይመስል የመኪናዎቹን ዕድሜ እስከ መጨረሻ መከተል ይገባል። በግብሩ በኩል 600,000 ብር ለ6 ዓመት ሲቀነስ 3,600,000 ብር ይሆናል፤ በሰባተኛው ዓመት የሚቀረው 400,000 ብር ብቻ ነው። በዚያ ዓመት መዝገቡም 400,000 ስለሚቀንስ ልዩነት አይኖርም። ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ዓመት መዝገቡ በየዓመቱ 400,000 ብር መቀነሱን ይቀጥላል፤ ግብሩ ግን ከእንግዲህ ምንም አይፈቅድም። ስለዚህ በእነዚያ 3 ዓመታት በየዓመቱ 400,000 ብር ይደመራል። በ6 ዓመት የተቀነሰው 1,200,000 ብር በ3 ዓመት ተደምሮ ይመለሳል ማለት ነው። ከስምንተኛው ዓመት ጀምሮ መደመሩን የዘነጋ ሒሳብ ሠራተኛ በ4,000,000 ብር ለተገዛ ዕቃ በጠቅላላው 5,200,000 ብር ተቀናሽ ያደርጋል። መርማሪ ይህን ለማግኘት ብዙ አይደክምም፤ ከዓመት ዓመት የተፈቀደውን ደምሮ ከግዢው ደረሰኝ ጋር ማስተያየት ይበቃዋል።

የኮምፒዩተሮቹ ነገር በተቃራኒው ነው። በዚያው ቀን በ300,000 ብር ተገዝተዋል፤ መዝገቡ በ4 ዓመት ስለሚጨርሳቸው በዓመት 75,000 ብር ይቀንሳል፤ ግብሩ በ20 ከመቶ 60,000 ብር ብቻ ይፈቅዳል። 15,000 ብር ይደመራል፤ በ4 ዓመት የተደመረው 60,000 ብር በአምስተኛው ዓመት ይቀነሳል። በአምስተኛው ዓመት ግን ኮምፒዩተሮቹ በመዝገቡ ላይ ዋጋቸው አልቋል፤ በትርፍና ኪሣራው ውስጥ ስለ እነርሱ የሚናገር አንድም መስመር አይገኝም። የግብር ዕቃ መዝገብ ለብቻው ካልተያዘ ይህን 60,000 ብር የሚያስታውስ የለም።

በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 286 ይሠራበት በነበረ ጊዜ መኪናዎችና የመሳሰሉት ዕቃዎች ባንድ ቋት ተደምረው ከቀሪው ዋጋ 20 ከመቶ ይታሰብላቸው ስለ ነበር እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ የግብር ዋጋ አልነበረውም። ዛሬም የዕቃ መዝገብ በጅምላ መያዝን የሚወዱ ቢሮዎች ልማዱ ከዚያ ዘመን የቀረባቸው ይመስላል። የአሁኑ ሥርዓት ግን እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻ ማወቅን ይጠይቃል፤ ይህም በሽያጭ ጊዜ ይታያል። ከጥልፍ መኪናዎቹ አንዱ ዋጋው 200,000 ብር ነበር እንበል። በ2 ዓመት የመዝገብ ዋጋው 160,000፣ የግብር ዋጋው 140,000 ብር ሆነ። በ150,000 ብር ቢሸጥ መዝገቡ 10,000 ብር ኪሣራ ሲያሳይ ግብሩ 10,000 ብር ትርፍ ያያል። የማስታረቂያው ወረቀት ኪሣራውን መልሶ ትርፉን ለመጨመር 20,000 ብር መደመር ይኖርበታል። ድርጅቱ በ2016 አልሸጠም እንጂ ቢሸጥ ይህ ይጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው የጊዜ ልዩነት የመጠባበቂያ ነው፤ ብዙ ድርጅቶች የሚጐዱትም በዚህ ነው። ሠራተኞች ሥራ ሲለቁ የሚከፈላቸው የሥራ ስንብት ክፍያ እያደገ የሚሄድ ዕዳ ስለሆነ የሒሳብ ደረጃዎቹ ሠራተኛው ባገለገለበት ዓመት ሁሉ እንዲመዘገብ ያስገድዳሉ። አዋጁ በበኩሉ ወደፊት ይደርሳል ተብሎ ለሚታሰብ ወጪ ወይም ኪሣራ የተያዘ መጠባበቂያ ተቀናሽ እንዳይደረግ ይከለክላል። ክልከላው ግን ለመጠባበቂያው እንጂ ለክፍያው አይደለም። ክፍያው በተፈጸመ ጊዜ ለሥራ የዋለ ወጪ ነውና ይፈቀዳል።

ድርጅቱ በ2016 በወጪነት 180,000 ብር ለስንብት መጠባበቂያ መዝግቧል፤ ይህ ይደመራል። በዚያው ዓመት ሁለት ሰፊዎች ሥራ ለቅቀው 40,000 ብር ተከፍሏቸዋል። ይህ ክፍያ በየትኛው ሒሳብ ላይ ተመዘገበ? በመጠባበቂያው ዕዳ ላይ ነው እንጂ በዓመቱ ወጪ ላይ አይደለም። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። የትርፍና ኪሣራ መግለጫውን ብቻ ይዞ መስመር በመስመር “ይህ ይፈቀዳል፣ ይህ አይፈቀድም” እያለ የሚሄድ ሰው 180,000 ብሩን ያገኘዋል፤ 40,000 ብሩን ግን ከቶ አያገኘውም፤ በመግለጫው ውስጥ የለምና። የሚገኘው በሀብትና ዕዳ መግለጫው ላይ ካለው የመጠባበቂያ ሒሳብ እንቅስቃሴ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ 260,000 ነበር፤ 180,000 ገባ፤ 40,000 ወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻ 400,000 ብር ሆነ። የሚደመረው የተጣራ መጠን የሁለቱ ጫፎች ልዩነት ማለትም 140,000 ብር ነው።

40,000 ብር ቢዘነጋ ድርጅቱ በከንቱ የሚከፍለው ግብር 12,000 ብር ነው፤ ሰዎች ይህን ትንሽ ነው ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን 400,000 ብሩ በሙሉ ባለፉት ዓመታት ግብር የተከፈለበት ገንዘብ መሆኑን ማሰብ ይገባል። ድርጅቱ አንድ ቀን ሥራ ቀዝቅዞበት ብዙ ሠራተኞች ቢያሰናብትና 400,000 ብሩን በአንድ ዓመት ቢከፍል፣ የዚያን ዓመት ወረቀት የሚያዘጋጀው አዲስ ሒሳብ ሠራተኛ ያለፈውን ካላወቀ፣ 120,000 ብር ግብር ለሁለተኛ ጊዜ ይከፈላል። ይህም የሚሆነው ድርጅቱ ገንዘብ በጣም በሚያስፈልገው ዓመት ነው።

ሦስተኛው የዱቤ ሽያጭ ነው። በሽሮ ሜዳ ዱቤ የገበያው ልማድ ሲሆን ከባለሱቆቹ አንዳንዱ ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል። ድርጅቱ ለአጠራጣሪ ተሰብሳቢ የያዘው መጠባበቂያ በዓመቱ መጀመሪያ 90,000 ብር ነበር፤ በወጪነት 110,000 ብር ጨመረ፤ 50,000 ብር የሚሆን የአንድ ባለሱቅ ዕዳ ከመዝገብ ሰረዘ፤ በመጨረሻ 150,000 ብር ቀረ። ለግብር 110,000 ብሩ ይደመራል። 50,000 ብሩ የሚቀነሰው ግን መሰረዙ ብቻ ስለ በቃ አይደለም። አዋጁ ዕዳው አስቀድሞ በንግድ ገቢ ውስጥ የገባ እንዲሆን፣ ከመዝገብ የተሰረዘ እንዲሆን፣ ገንዘቡንም ለማስከፈል አስፈላጊው እርምጃ ተወስዶ ሊሰበሰብ አለመቻሉ የታወቀ እንዲሆን ይፈልጋል። የሒሳብ ሹሙ የክሱን መዝገብና የፍርዱን ግልባጭ ከወረቀቱ ጋር አያይዘዋል። እነዚህ ባይኖሩ ኖሮ 50,000 ብሩ ማስረጃው እስኪሟላ በግብር መዝገቡ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ይቈይ ነበር፤ ጠፍቷል ተብሎ አይተውም። የተጣራው ድምር እንግዲህ 60,000 ብር ነው።

አሁን ወረቀቱ ተሟልቷል፤

ከግብር በፊት የመዝገብ ትርፍ፦ 2,400,000
ቋሚ ልዩነቶች፣ የተጣራ ድምር፦ 78,000
የስፌት መኪናዎች እርጅና፣ ተቀናሽ፦ 200,000
የኮምፒዩተሮች እርጅና፣ ድምር፦ 15,000
የስንብት መጠባበቂያ፣ የተጣራ ድምር፦ 140,000
አጠራጣሪ ተሰብሳቢ፣ የተጣራ ድምር፦ 60,000
ግብር የሚከፈልበት ትርፍ፦ 2,493,000
ግብር በ30 ከመቶ፦ 747,900

የጊዜ ልዩነቶቹ ተደምረውና ተቀናንሰው 15,000 ብር ብቻ ሆነዋል። ትንሽ መሆኑ ግን አያታልል፤ በሥሩ 215,000 ብር ወደ ላይ፣ 200,000 ብር ወደ ታች የሚጐትት አለ። መኪናዎቹ በስምንተኛው ዓመት አቅጣጫ ሲለውጡ ይህ ሚዛን ፈጽሞ ይለወጣል።

ለሥራ አስኪያጇ የሚሰጠው መልስም ከዚሁ ይወጣል። ከ27,900 ብሩ ውስጥ የ78,000 ብሩ 30 ከመቶ የሆነው 23,400 ብር የመቀጫው፣ የግብዣውና የስጦታው ዋጋ ነው፤ የወለዱ ነጻነት ትንሽ አቃለለው እንጂ አይመለስም። የ15,000 ብሩ 30 ከመቶ የሆነው 4,500 ብር ግን ቀድሞ የተከፈለ ነው፤ በመዝገቡም እንደ ጠፋ ወጪ ሳይሆን ለወደፊት የተላለፈ የግብር ሀብት ተብሎ ይያዛል። ስለዚህ በትርፍና ኪሣራው ላይ የሚታየው የዓመቱ የግብር ወጪ 743,400 ብር ነው። ይህም ከ2,400,000 ብር ጋር ሲነጻጸር 31 ከመቶ ገደማ ይመጣል። ከ30 ከመቶ የበለጠው በቋሚዎቹ ምክንያት ብቻ መሆን አለበት፤ 720,000 ላይ 23,400 ሲደመር 743,400 ይሆናልና ልክ ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ አንድ ቋሚ ልዩነት በጊዜ ልዩነት ውስጥ ገብቷል፣ ወይም የጊዜ ልዩነት የሆነው እንደ ቋሚ ተቈጥሯል ማለት ነበር።

ይህ የመጀመሪያው መፈተኛ ነው። ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስተማምነው በሀብትና ዕዳ መግለጫው በኩል የሚደረገው ነው። ሰኔ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. የመኪናዎቹ የመዝገብ ዋጋ 3,200,000፣ የግብር ዋጋቸው 2,800,000 ብር ነው፤ 400,000 ብር ወደፊት ግብር የሚያስከትል ልዩነት አለ። በሌላው ወገን የኮምፒዩተሮቹ 30,000፣ የስንብቱ 400,000፣ የአጠራጣሪ ተሰብሳቢው 150,000 ብር ወደፊት የሚቀነሱ ናቸው። ሲቻቻሉ 180,000 ብር የሚቀነስ ይተርፋል፤ 30 ከመቶው 54,000 ብር ነው። በዓመቱ መጀመሪያ በዚሁ መንገድ ሲታሰብ ልዩነቱ 165,000፣ ግብሩ 49,500 ብር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው 4,500 ብር በፊተኛው መንገድ ከተገኘው ጋር አንድ ነው። የስንብት ክፍያው 40,000 ብር ተዘንግቶ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው መንገድ 16,500፣ ሁለተኛው 4,500 ብር ይሰጥ ነበር፤ የ12,000 ብሩ ልዩነትም ስሕተቱን ራሱ ይጠቁማል። ለዚህ ነው ሁለቱን መንገዶች ለየብቻ ሠርቶ ማስተያየት የሚገባው፤ አንዱን ከሌላው ገልብጦ ማስተካከል መፈተሽ አይባልም።

ይህ ሁሉ የሚቆመው ከዓመት ዓመት በሚሻገር አንድ መዝገብ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ የጊዜ ልዩነት አንድ ገጽ ይበቃል፤ በገጹ ላይ የመነሻው መጠን፣ የዓመቱ ጭማሪ፣ የዓመቱ ተመላሽና የመጨረሻው ቀሪ ይጻፋል፤ በዓመቱ የቀረበው የግብር ማስታወቂያ ግልባጭም አብሮ ይቀመጣል። ማስታወቂያው በራሱ ቋሚውንና ጊዜያዊውን ለይቶ ለሚመጣው ሰው አይነግርም። የሒሳብ ሹም ሲቀየር ርክክብ የሚደረግበት ዝርዝር ላይ የካዝናው ቍልፍ፣ የቼክ ጥራዙና ማኅተሙ ሁልጊዜ ይጻፋሉ፤ ይህ መዝገብ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ምናልባት በውስጡ የተያዘው ገንዘብ በዓይን ስለማይታይ ይሆናል። የመርማሪ ውሳኔ በደረሰ ጊዜም መዝገቡ መታረም አለበት። መርማሪው ያለፈ ዓመት የእርጅና ቅናሽ ዝቅ ያደረገ እንደ ሆነ የዕቃው የግብር ዋጋ በዚያው መጠን ከፍ ይላልና በሚቀጥሉት ዓመታት የሚቀነስ ይጨምራል። ተጨማሪውን ግብር ከፍለው መዝገቡን ሳያርሙ የሚቀሩ ድርጅቶች መብታቸውን እዚያው ይተዋሉ።

ስለ 54,000 ብሩ አንድ ገደብ መጠቀስ አለበት። ለወደፊት የተላለፈ የግብር ሀብት በመዝገብ ላይ የሚቆመው ድርጅቱ ወደፊት ሊቀንስበት የሚችል ትርፍ ያገኛል ተብሎ ሲታመን ብቻ ነው። ስንብቱ የሚከፈለው ድርጅቱ በሚዘጋበት ዓመት ከሆነ የሚቀነስለት ትርፍ ላይኖር ይችላል። ኪሣራ ወደሚቀጥለው ዓመት ይሻገር እንጂ አዋጁ ከ5 ዓመት በላይ እንዲሻገር አይፈቅድም። ስለዚህ ሥራው እየተዳከመ ያለ ድርጅት ሙሉውን መጠን በሀብትነት መመዝገብ አይገባውም፤ ኦዲተሮችም ከቁጥሩ ይልቅ የሚመጡትን ዓመታት ዕቅድ አስቀድመው ቢጠይቁ ተገቢ ነው።

በዚህ ንግግር የተጠቀሱት ልኮችና ገደቦች ለ2016 የግብር ዓመት የሚሠሩት ናቸው። አዋጁ በ2017 በአዋጅ ቁጥር 1395 ስለ ተሻሻለ ከዚያ ወዲህ ላሉት ዓመታት ወረቀቱን የሚያዘጋጅ ባለሙያ ማሻሻያውን ከጎኑ አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። ወደ አዲሱ ዓመት የሚሻገሩት ቀሪዎች ግን ያው ናቸው፤ የመኪናዎቹ 400,000፣ የኮምፒዩተሮቹ 30,000፣ የስንብቱ 400,000 እና የአጠራጣሪ ተሰብሳቢው 150,000 ብር፣ ሐምሌ 1 ቀን በመዝገቡ አዲስ ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፋሉ።